«ጊዜው አልቋል» ያለው ማን ነው?

ኮምፒውተርን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚዳስስ ተማሪ ከሚገጥሙት የእንግሊዝኛ ቃላት መካከል አስቸጋሪዎቹ በመዝገበ ቃላት የማይገኙት አይደሉም። እነዚያን መምህሩን ይጠይቃል፤ መልስም ያገኛል። አስቸጋሪዎቹ በመዝገበ ቃላት የሚገኙት ናቸው። ካሽ የሚለውን ቃል ገልጦ ሲያይ «የተደበቀ የስንቅ ወይም የመሣሪያ ክምችት» የሚል ፍች ያገኛል። ታይምአውት አሠልጣኝ ጨዋታ አስቁሞ ተጫዋቾቹን የሚመክርበት አጭር ዕረፍት መሆኑን ከቅርጫት ኳስ ሜዳ ያውቀዋል። ዴፕሪኬትድ ደግሞ «የተነቀፈ» ማለት ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ ይህ ተማሪ ከመዝገበ ቃላቱ ወደ ኮምፒውተሩ ሲመለስ መሣሪያ የደበቀ፣ ዕረፍት የወጣና የሠራበትን ፕሮግራም የሚነቅፍ ማሽን ይጠብቀዋል። ቃላቱን ሁሉ አውቋል፤ ማሽኑ ያለውን ግን አልሰማም።

ችግሩ የእንግሊዝኛ ዕውቀት ማነስ ነው የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። እንግሊዝኛን አቀላጥፈው የሚናገሩ ተማሪዎች በእነዚሁ ቃላት ፊት ሲደናገሩ በኮምፒውተር ቤተ ሙከራ ደጋግመን አይተናል። ቃላቱ የዕቃ ስም ቢመስሉም በተግባር የአንድ ሁኔታ ዘገባዎች ናቸው። አንድ ፕሮግራም ምን እንዳደረገ፣ ምን እንዳየና ምን እንዳላወቀ በአንድ ቃል ይናገራሉ። በሦስቱም ውስጥ ደግሞ አንድ የተሰወረ ሰዓት አለ፤ በታይምአውት የጥበቃ ሰዓት፣ በካሽ የቅጂ ዕድሜ፣ በዴፕሪኬትድ የስንብት ቀጠሮ። ሰዓቱ የማን እንደሆነና ምን እንደሚቆጥር ያልጠየቀ ሰው፣ በእንግሊዝኛም ሆነ በአማርኛ ቢያነበው መልእክቱን ገልብጦ ይረዳዋል። ከሦስቱ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው የመጀመሪያው ስለሆነ በእርሱ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እናጠፋለን።

ታይምአውትን ራቁቱን ለማየት ከሁሉ የሚቀለው `ping` የተባለውን ትእዛዝ መሞከር ነው። ይህን ትንሽ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1983 የጻፈው ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ ስሙን የወሰደው ሰርጓጅ መርከቦችን ለማሰስ በውኃ ውስጥ ከሚላከው የድምፅ ምት ነው። ሥራውም እንደዚያው ነው፤ ወደ አንድ ሩቅ ኮምፒውተር አነስተኛ መልእክት ይልክና የገደል ማሚቶውን ይጠብቃል። በዊንዶውስ ላይ ሲታዘዝ አራት ጊዜ ይልካል፤ ለእያንዳንዱም እስከ 4 ሰኮንድ ይጠብቃል። በሳተላይት በኩል ከሚገናኝ ኮምፒውተር ጋር ሲሞከር የሚከተለውን የመሰለ ነገር ሊታይ ይችላል። አድራሻው ለማስተማሪያ ከተመደቡት ስለሆነ የማንም አይደለም።

```
ping 192.0.2.10

Request timed out.
Reply from 192.0.2.10: bytes=32 time=720ms TTL=52
Request timed out.
Reply from 192.0.2.10: bytes=32 time=735ms TTL=52
```

ሁለተኛውና አራተኛው መስመር መልስ መምጣቱን ይናገራሉ፤ 720 እና 735 ሚሊሰኮንድ ፈጅቷል። አንደኛውና ሦስተኛው ግን ምን ይላሉ? ሩቁ ኮምፒውተር ተበላሽቷል አይሉም፤ በሁለተኛው መስመር ላይ መልሷልና። መልእክቱ አልደረሰም አይሉም፤ ደርሶ ማሚቶው በመመለሻው መንገድ ላይ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እኔ፣ የላክሁት፣ 4 ሰኮንድ ጠበቅሁ፤ ምንም አልሰማሁም።» ሰዓቱ ያለው በጠባቂው እጅ ነው። የቆመውም ጥበቃው ነው።

የፊዚክስ ተማሪ ይህን በቀላል ስሌት ሊያረጋግጥ ይችላል። ከምድር ወገብ በላይ በአንድ ቦታ የቆሙ የሚመስሉት የመገናኛ ሳተላይቶች በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። የ`ping` መልእክት ወደ ሳተላይቱ ይወጣል፣ ወደ ሩቁ ኮምፒውተር ይወርዳል፣ ማሚቶው እንደገና ይወጣል፣ እንደገና ይወርዳል። አራት ጊዜ 35,786 ሲባዛ 143,144 ኪሎ ሜትር ነው። ብርሃን በሰኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ ጉዞው ቢያንስ 0.477 ሰኮንድ ይወስዳል። በመሣሪያዎቹ ውስጥ የሚባክነው ጊዜ ሲታከልበት ከላይ ያየነው 720 ሚሊሰኮንድ የሚያስገርም አይደለም። አሁን በዚሁ መስመር ላይ ጠባቂው ትዕግሥት የሌለው ቢሆንስ? ትእዛዙን እንዲህ ብንጽፈው ጥበቃው ወደ 600 ሚሊሰኮንድ ይወርዳል።

```
ping -w 600 192.0.2.10
```

መስመሩ ያው፣ ሳተላይቱ ያው፣ ሩቁ ኮምፒውተርም ያው ነው፤ ማሚቶው ግን ጠባቂው ተስፋ ከቆረጠ በኋላ ስለሚደርስ አራቱም መልሶች «Request timed out.» ይሆናሉ። ምንም ያልተበላሸበት ዓለም ፍጹም የተበላሸ መስሎ ታየ። የተለወጠው የታዛቢው ሰዓት ብቻ ነው። ታይምአውት ያየ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄም ከዚህ ይመነጫል፤ የጠበቀው ማን ነው? ምን ያህል ጠበቀ? ሊጠበቅ ይገባው የነበረውስ ምን ያህል ነው?

ከዝምታ የተለዩ መልእክቶችን ለይቶ ማወቅም ተገቢ ነው። «Destination host unreachable.» ሲል በመንገድ ላይ ካሉት መሣሪያዎች አንዱ ወይም የራሳችን ኮምፒውተር «ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ የለኝም» ብሎ መናገሩ ነው። የድረ ገጽ ማሳያው ፕሮግራም `ERR_CONNECTION_REFUSED` ካለ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሩቁ ኮምፒውተር ራሱ መልስ ሰጥቷል፤ በሩን ስናንኳኳ «በዚህ በር የሚያስተናግድ የለም» ብሎናል። እምቢታ ዕውቀት ነው። `ERR_CONNECTION_TIMED_OUT` ግን ዝምታ ነው፤ ዝምታ ደግሞ ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ተማሪው እነዚህን ሦስቱን «ኔትወርክ የለም» በሚል አንድ ስም ሲጠራቸው፣ ሊረዳው የመጣው ባለሙያ የሚያስፈልገውን ብቸኛ ፍንጭ ይሰውርበታል።

ይህ ልዩነት ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ወደ ተማሪው ኑሮ የሚገባው መዝገብ ላይ የሚጻፍ ነገር ሲኖር ነው። አንዲት ተማሪ በኢንተርኔት የኮርስ ምዝገባ ቅጽ ሞልታ ክፍያዋን በዚያው ፈጽማ የማረጋገጫውን ቁልፍ ተጫነች እንበል። ገጹ ለረጅም ጊዜ ሲሽከረከር ቆየና «504 Gateway Timeout» አለ። ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል። ጌትዌይ የተባለው መካከለኛ ኮምፒውተር ከእርስዋ ተቀብሎ ከኋላው ላለው ሌላ ኮምፒውተር አስተላልፏል፤ መልሱ ግን በወቅቱ አልመጣለትም። ስለዚህ የተማሪዋ ኮምፒውተርና የኢንተርኔት መስመርዋ ደኅና ናቸው፤ ዝምታው ከወዲያኛው ወገን ነው። ታዲያ ምዝገባው ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም? ሦስት ሁኔታዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ጥያቄው ከኋላ ወዳለው ኮምፒውተር ሳይደርስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ደርሶ ሥራው ገና በመካሄድ ላይ ሊሆን ይችላል። ወይም ሥራው ተጠናቅቆ፣ ክፍያውም ተመዝግቦ፣ መልሱ ብቻ ዘግይቶ ወይም ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ከተማሪዋ ወንበር ሲታዩ ሦስቱም አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። ሰው ወደ ሩቅ አገር ገንዘብ በመልእክተኛ ልኮ የደረሰኝ ደብዳቤው ሲዘገይበት ገንዘቡ በመንገድ ይሁን በተቀባዩ እጅ ሊያውቅ እንደማይችል ማለት ነው። ያን ጊዜ ብልህ ላኪ ሁለተኛ ገንዘብ አይልክም፤ አስቀድሞ ይጠይቃል።

ተማሪዋም እንዲሁ ልታደርግ ይገባታል። ቁልፉን መልሳ አትጫን። ገጹ ቅጹን ዳግመኛ ልላከው ወይ ብሎ ቢጠይቃት እሺ አትበል። አዲስ መስኮት ከፍታ የተመዘገቡትን ኮርሶች ዝርዝር ትይ፤ የከፈለችበትንም ሒሳብ ትመርምር። ስሟ ካለ ጉዳዩ አልቋል። ከሌለ ጥቂት ደቂቃ ቆይታ እንደገና ትይ፤ ሁለተኛው ሁኔታ ከሆነ ሥራው እስኪጠናቀቅ ጊዜ ይፈልጋልና። ከዚያም በኋላ ካልታየ ያን ጊዜ መሞከር ይቻላል። በደንብ የታሰቡ ፕሮግራሞች ለእያንዳንዱ ቅጽ አንድ መለያ ቁጥር ስለሚሰጡ ሁለተኛው ሙከራ ቢመጣም «ይህን ከዚህ በፊት ተቀብያለሁ» ብለው ይለዩታል፤ ሁሉም ፕሮግራም ግን በደንብ የታሰበ አይደለም።

አሁን ወደ አማርኛው እንምጣ። ታይምአውት በአማርኛ ገጽታዎች ላይ ብዙ ጊዜ «ጊዜው አልቋል» እየተባለ ይተረጎማል። ሐረጉ እንደ ቋንቋ ስሕተት የለበትም፤ ቃል በቃልም የቀረበ ነው። ነገር ግን በአማርኛ «ጊዜው አልቋል» የሚለን ማን ነው? የፈተና ተቆጣጣሪ ነው። የማመልከቻ መቀበያ መስኮቱን የሚዘጋ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈ ቀን ነው። ከላይ የጠቀስናት ተማሪ በምዝገባው ሳምንት ይህንን ሐረግ በምዝገባው ገጽ ላይ ብታነብ የምትረዳው ግልጽ ነው፤ የምዝገባው ቀን አልፎብኛል ብላ ወደ ቤትዋ ትሄዳለች። እውነቱ ግን አንድ ማሽን ለአንድ ደቂቃ ያህል ጠብቆ መልስ አለማግኘቱ ነው። የጠባቂው ሰዓት በትርጉም ውስጥ ወደ ተማሪዋ ቀን መቁጠሪያ ተዛወረ። እንግሊዝኛው ግራ አጋብቶ ይተዋት ነበር፤ አማርኛው ግን በልበ ሙሉነት አሳሳታት።

ስለዚህ አስተያየታችን ይህ ነው፦ ተርጓሚው ቃሉን ትቶ ዘገባውን ይተርጉም። «ጠበቅሁ፤ መልስ አልመጣልኝም» የሚለው ሐረግ ከ«ጊዜው አልቋል» ብዙ አይረዝምም። ተናጋሪው ማን እንደሆነ ያሳያል፣ ያላወቀውንም አውቃለሁ አይልም። በቅጽና በክፍያ ገጾች ላይ ደግሞ «ጥያቄዎ ተፈጽሞ ሊሆን ስለሚችል እንደገና ከመላክዎ በፊት ያረጋግጡ» የሚል ቢታከልበት የብዙ ሰው ገንዘብ ይተርፋል። ማሽን በመጀመሪያ መደብ መናገሩ የማይጥማቸው ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን። ይሁንና በአማርኛ ግሥ ውስጥ ባለቤቱ ስለሚታወቅ ይህን የመሰለ ጥቅም በከንቱ ልንጥለው አይገባም።

ካሽ በአንጻሩ በትርጉም ረገድ የተሻለ ዕድል ገጥሞታል። በእጅ ስልኮች ላይ «መሸጎጫ» ተብሎ ይታያል፤ ጥሩ ቃል ነው። እናቶች ብር በመቀነታቸው የሚሸጉጡት ለቅርብ ጉዳይ በእጅ እንዲገኝ ነው። የእንግሊዝኛው ቃልም «መደበቅ» ከሚል የፈረንሳይኛ ግሥ የመጣ ነው። በኮምፒውተር ረገድ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1965 የካምብሪጁ ሞሪስ ዊልክስ በጽሑፍ አቅርቦት ነበር፤ ካሽ የሚለው ስም የታወቀው ግን በ1968 አይ.ቢ.ኤም. በሥርዓት/360 ሞዴል 85 ኮምፒውተሩ ላይ ሲጠቀምበት ነው። ምክንያቱ የርቀትና የፍጥነት ጉዳይ ነው። በሰኮንድ 3 ቢሊዮን ጊዜ የሚመታ የዛሬ ፕሮሰሰር በሁለት ምቶቹ መካከል ብርሃን እንኳ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይጓዛል፤ ከዋናው ሚሞሪ አንድ ቁጥር ለማምጣት ግን ወደ 100 ናኖሰኮንድ፣ ማለትም 300 ምቶች ያህል ሊወስድበት ይችላል። ስለዚህ ደጋግሞ የሚፈልገውን በአጠገቡ ባለች ትንሽና ፈጣን ሚሞሪ ውስጥ ይሸጉጣል። የድረ ገጽ ማሳያ ፕሮግራምም ይህንኑ በሰፊው ያደርጋል፤ ከባሕር ማዶ ያመጣውን ሥዕልና ጽሑፍ በኮምፒውተራችን ላይ አስቀምጦ በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያው ያሳየናል።

መሸጎጫ የሚለው ቃል የማይነግረን አንድ ነገር ቢኖር የተሸጎጠው ቅጂ መሆኑን ነው። በመቀነት ያለው ብር ራሱ ብሩ ነው፤ በካሽ ውስጥ ያለው ግን የሌላ ነገር ግልባጭ ነው፤ ዋናው በምንጩ አለ። ከዚህ የተነሣ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች ይፈጠራሉ። አንደኛው ፍርሃት ነው፤ «መሸጎጫ አጽዳ» የሚለውን ቁልፍ ያየ ጀማሪ ፎቶግራፎቹና ጽሑፎቹ የሚጠፉ ይመስለዋል። አይጠፉም፤ ግልባጮቹ ይጠፋሉ፣ ገጾቹን እንደገና ለማምጣትም ጥቂት የኢንተርኔት ሒሳብ ይወጣል። በአንድሮይድ ስልኮች ላይ በአጠገቡ የሚገኘውና በእንግሊዝኛው «Clear storage» ወይም «Clear data» የሚባለው ግን ሌላ ነገር ነው። እርሱ ፕሮግራሙ በስልኩ ላይ ያኖረውን ሁሉ ይደመስሳል፤ መፍራትስ ይህንን ነበር።

ሁለተኛው ስሕተት ያለ ልክ ማመን ነው። አንድ የፈተና ውጤት የሚለጠፍበት ገጽ ከራሱ ጋር ይህን መመሪያ ይልካል እንበል።

```
Cache-Control: max-age=86400
```

86,400 ሰኮንድ አንድ ሙሉ ቀን ነው። ተማሪው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ገጹን ከፍቶ «ውጤት አልተለጠፈም» የሚል አነበበ። ውጤቱ 4 ሰዓት ላይ ተለጠፈ። ተማሪው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አድራሻውን ዳግመኛ ጽፎ ሲገባ ፕሮግራሙ የአምስት ሰዓት ዕድሜ ያለውን ግልባጭ ሊያሳየው ይችላል፤ እስከ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ድረስ ምንጩን ሳይጠይቅ እንዲጠቀምበት ተፈቅዶለታልና። ጓደኛው ገጹን ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሚከፍት ውጤቱን ያያል። ሁለቱ ይከራከራሉ፤ ሁለቱም ያዩትን እውነት ይናገራሉ። ምልክቱም ይኸው ነው፤ አንድ ገጽ በሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ሁለት ዓይነት ከሆነ ካሽን መጠርጠር ይገባል። መፍትሔው ብዙውን ጊዜ `Ctrl+F5` መጫን ነው፤ ይህ ፕሮግራሙ ግልባጩን ትቶ ወደ ምንጩ እንዲሄድ ያዘዋል። ያጠፋ ሰው ካለ ተማሪው አይደለም፤ በሰዓታት ለሚለዋወጥ ገጽ የአንድ ቀን ዕድሜ የሰጠው ሰው ነው።

ዴፕሪኬትድ የመጨረሻው ነው፤ ሥሩ የላቲን ሲሆን «ክፉ ነገርን በጸሎት ማራቅ» ማለት ነበር፤ ከእኛ ምሕላ ጋር ዝምድና ያለው ግሥ ነው። በሶፍትዌር ዓለም ግን ትርጉሙ ጠቧል። ይህ ነገር ዛሬ ይሠራል፤ እንዲቀር ግን ታስቧል፤ ስለዚህ አዲስ ሥራ አትጀምሩበት፣ አሮጌውንም ቀስ በቀስ አውጡት ማለት ነው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲለወጡ አሮጌውን በአዲስ ለመቀየር የሦስት ወር ጊዜ ተሰጥቶ እንደነበር አንባቢ ያስታውሳል። በእነዚያ ወራት አሮጌው መቶ ብር በእጁ የነበረ ሰው ሐሰተኛ ገንዘብ አልያዘም፤ ዋጋው የተቆረጠ ቀን ያለው ገንዘብ ያዘ እንጂ። ዴፕሪኬትድ የተባለ የፕሮግራም ክፍል እንዲሁ ነው።

በፊዚክስ ትምህርት ከሚያጋጥመው አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ተማሪው የ1 ሜትር ርዝመት ያለውን ፔንዱለም የውዝዋዜ ጊዜ ሦስት ጊዜ ለክቶ፣ በፓይተን ቋንቋና ነምፓይ በተባለው የቁጥር ማስሊያ ጥቅል የስበት ሽምጠጣን ማስላት ይፈልጋል። ፕሮግራሙ ይህን ይመስላል።

```
import numpy as np
T = np.array([2.01, 1.98, 2.03], dtype=np.float)
print(4 * np.pi**2 * 1.00 / T.mean()**2)
```

ይህን በነምፓይ 1.20 ያስኬደ ሰው በመጀመሪያ «DeprecationWarning: `np.float` is a deprecated alias for the builtin `float`.» የሚል ማስጠንቀቂያ ያያል፤ ቀጥሎም 9.80 ያህል የሆነ መልስ ያገኛል። አማካዩ የውዝዋዜ ጊዜ 2.007 ሰኮንድ ስለሆነ መልሱ ትክክል ነው። ሆኖም ማስጠንቀቂያው ያስደነገጠው ተማሪ ፕሮግራሙ የተሳሳተ መስሎት ደኅናውን ሥራ ደምስሶ እንደ አዲስ ይጀምራል። ሌላው ደግሞ መልሱ መምጣቱን አይቶ ማስጠንቀቂያውን ይንቃል። ለእርሱ የስንብቱ ቀን ሲደርስ ይብስበታል። ነምፓይ 1.20 የወጣው እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ነበር፤ በታኅሣሥ 2022 በወጣው 1.24 ይህ ስም ፈጽሞ ተነሣ። የቤተ ሙከራው ኮምፒውተሮች በታደሱ ማግስት አንድም ፊደል ያልተነካው ያው ፕሮግራም ይህን ብሎ ይቆማል።

```
AttributeError: module 'numpy' has no attribute 'float'
```

አሁን ማስጠንቀቂያ አይደለም፤ መልስም የለም። ተማሪው «ትናንት ይሠራ ነበር» ይላል፤ እውነቱን ነው። ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ግን ምን ማድረግ እንዳለበት በዚያው ማስጠንቀቂያ ውስጥ ተጽፎለት ነበር፤ `np.float` የሚለውን በ`float` መተካት ብቻ ነው። ሦስት ሆሄያት ይሠረዛሉ።

ይህን ቃል «የተሻረ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። የተሻረ ሕግ አይሠራምና ትርጉሙ የመጀመሪያውን ተማሪ ስሕተት ያጸናል። «ያረጀ» የሚለውም የሁለተኛውን ያጸናል፤ ያረጀ ነገር በአገራችን ለብዙ ዓመት ያገለግላል፣ የተቆረጠም ቀን የለውም። እኛ «ተሰናባች» የሚለውን እንመርጣለን። ተሰናባች ሰው ገና በሥራው ላይ ነው፤ ወንበሩን ግን እንደሚለቅ ይታወቃል። የተሻለ ቃል ያለው ሰው ቢያቀርብልን ደስ ይለናል፤ መለኪያችን ግን ዛሬ መሥራቱንና ወደፊት መቅረቱን በአንድነት መናገር መቻሉ ነው።

እንግሊዝኛው ከሥር ይቅር ወይስ ይውጣ የሚለው ጥያቄ በመምህራን መካከል ሲነሣ እንሰማለን። በእኛ በኩል እንዲቀር እንፈልጋለን። `504`፣ `ERR_CONNECTION_TIMED_OUT`፣ `DeprecationWarning` የመሳሰሉት የመፈለጊያ ቁልፎች ናቸው፤ ተማሪው ከመጽሐፍም ሆነ ከባለሙያ ርዳታ የሚያገኘው እነዚህን ፊደል በፊደል ሲያቀርብ ነው። `np.float`ን ወደ አማርኛ መለወጥ ደግሞ ፕሮግራሙን ማፍረስ ነው። አማርኛው በላያቸው ይቀመጥ፤ ማን እንደተናገረ፣ ምን እንዳየና ምን እንዳላወቀ ይግለጥ። ተማሪውም ለርዳታ ሲመጣ «ኤረር አለኝ» ብሎ ከመቆም ይልቅ መልእክቱን እንደተጻፈ ገልብጦ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንዳየውና ቁልፉን ስንት ጊዜ እንደተጫነ ጨምሮ ቢያመጣልን፣ ግማሹን ሥራ በራሱ ጨርሶ መጥቷል ማለት ነው።